ሰገራው ንጹህ፣ ጉበቱ መግል፦ የአሜባ ሁለት መልኮች

የሰገራ ምርመራ ወረቀት ላይ ስለ አሜባ ሁለት ዓይነት ውጤት ሊጻፍ ይችላል። አንዱ «ሲስት ታይቷል» ይላል። ሌላው «ትሮፎዞይት ታይቷል» ይላል። አብዛኞቻችን ሁለቱንም «አሜባ አለብህ» ብለን ነው የምናነባቸው። መድኃኒቱንም ያንኑ እንገዛለን። ነገሩ ግን አንድ አይደለም፤ ሁለቱ የአንድ ተውሳክ ሁለት መልኮች ናቸው። ሲስት በሽታውን ከሰው ወደ ሰው ያሻግራል፣ ራሱ ግን ማንንም አይጎዳም። ትሮፎዞይት የአንጀትን ግድግዳ ቦርቡሮ ጉበት ድረስ ይሄዳል፣ ወደ ሌላ ሰው መሻገር ግን አይችልም።

ይህ ልዩነት የላቦራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን እሱን ሳይዙ ሊገባ የማይችል ነገር አለ። በአሜባ የተነሳ ጉበቱ ውስጥ መግል የቋጠረ ሰው ብዙ ጊዜ ተቅማጥ የለውም። ሰገራው ሲመረመርም አሜባ አይገኝበትም። «አሜባ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ትኩሳቱ ግን አይለቀውም። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ ነፍስ ድረስ የሚደርሰው።

ሁለቱ መልኮች

የምንነጋገርበት ተውሳክ ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ ይባላል። ሲስቱ ክብ ነው፣ ከ10 እስከ 15 ማይክሮሜትር ስፋት አለው። ዙሪያውን ካይቲን በተባለ ጠንካራ ነገር የተሠራ ግድግዳ ይከበዋል። የበሰለ ሲስት ውስጡ አራት ኒውክለስ፣ ማለትም የሴል እምብርት፣ ይዟል። አይንቀሳቀስም፣ አይበላም። ሥራው መቆየት ነው። እርጥበት ባለበት ቀዝቃዛ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል። የጨጓራ አሲድ አይገድለውም። በመጠጥ ውኃ ውስጥ በተለምዶ የሚጨመረው የክሎሪን መጠንም አስተማማኝ አይደለም። ውኃውን ማፍላት ግን ይገድለዋል።

ሰው ሲስቱን በተበከለ ውኃ፣ ምግብ ወይም እጅ ሲውጠው ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ግድግዳው ይከፈታል። አራቱ ኒውክለሶች ይከፈሉና ከአንድ ሲስት ስምንት ትንንሽ ትሮፎዞይቶች ይወጣሉ። እነዚህ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዱና ይኖራሉ። ባክቴሪያ ይበላሉ፣ ለሁለት እየተከፈሉ ይባዛሉ።

ትሮፎዞይት ግድግዳ የለውም። ኒውክለሱ አንድ ነው፣ መሐሉ ላይም ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ገና ትኩስ የሆነ ሰገራ በጨው ውኃ ጠብታ ላይ ተደርጎ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንቅስቃሴው ልዩ ነው። ከአካሉ አንደኛው ጎን ጥርት ያለ ጣት የመሰለ ነገር ድንገት ይወጣል፣ የቀረው አካሉ ተከትሎት ይፈስሳል። ከዚያ ሌላ ጣት ያወጣል። ወዲያና ወዲህ አይልም፣ አንድ አቅጣጫ ይዞ ነው የሚሄደው። ግድግዳውን የወረረ ከሆነ ደግሞ ሆዱ ውስጥ የዋጣቸው ቀይ የደም ሴሎች ይታያሉ።

ይህ ሁሉ የሚታየው ግን በጊዜ ከተያዘ ነው። ትሮፎዞይት ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም። ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከቆየ አሜባው ይሞታል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ያኔ ሁለት ዓይነት ስህተት ይመጣል። ወይ የነበረው «የለም» ይባላል። ወይ ደግሞ በሰገራ ውስጥ ያለ ነጭ የደም ሴል አሜባ ተብሎ ይጻፋል፣ በመጠን ይቀራረባሉና። የናሙና ሰዓት ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ትሮፎዞይቶች ከትልቁ አንጀት ይዘት ጋር ወደ ታች ሲወርዱ የተወሰኑት እንደገና ግድግዳ ሠርተው ሲስት ይሆናሉ። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። ተቅማጥ ካለ ጊዜው የለም፣ አሜባው ትሮፎዞይት እንደሆነ ይወጣል። እሱን ሌላ ሰው ቢውጠው የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል። ስለዚህ በደም ተቅማጥ የሚሰቃየው ሰው በዚያ ሰዓት ለሌላው ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው ምንም የማይሰማው፣ ሰገራው ጠንከር ያለ፣ በየቀኑ ግን እልፍ ሲስት የሚያወጣው ጤነኛ መሳይ ሰው ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሐሳብ አብሮ ይመጣል። ወደ አንጀት ግድግዳ የገባ ትሮፎዞይት ከእንግዲህ ሲስት አይሆንም። ጉበት የደረሰውም እንዲሁ። ለተውሳኩ መንገዱ እዚያው ያልቃል፣ ዘር አያስቀጥልበትም። ወረራው ለአሜባው ምንም ትርፍ የለውም፣ ለሰውየው ግን ሞት ሊሆን ይችላል።

ለምን ሁሉም ሰው አይታመምም?

በ1913 ዎከርና ሴላርድስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ማኒላ ውስጥ ፈቃደኛ እስረኞች አሜባውን እንዲውጡ አድርገው ነበር። ዛሬ እስረኛ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማንም አይፈቅድም፣ መፈቀድም የለበትም። ውጤቱ ግን እስካሁን ይጠቀሳል። ከ20 ሰዎች 18ቱ ተውሳኩ ያዛቸው። የደም ተቅማጥ የያዛቸው 4 ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ልምድም ተቀራራቢ ነው። ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ አንጀታቸው ውስጥ ካለባቸው ሰዎች 90 በመቶ የሚሆኑት ምንም አይሰማቸውም። ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ይታመማሉ። ጉበት ድረስ የሚሄድባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ ተደባልቆ ይገኛል። ኢንታሚባ ዲስፓር የሚባል የአሜባ ዘመድ አለ። ሲስቱ በማይክሮስኮፕ ከሂስቶሊቲካ ጋር ፈጽሞ አይለይም። መጠኑ ያው፣ አራቱ ኒውክለስ ያው። ነገር ግን የአንጀት ግድግዳ አይወርርም። ፈረንሳዊው ኤሚል ብሩምፕት በ1925 ሁለቱ የተለያዩ ናቸው ብሎ ነበር፣ ሰሚ ግን አላገኘም። ዳይመንድና ክላርክ በሞለኪውል ማስረጃ ልዩነቱን ያጸኑት በ1993 ነው። ወደ 70 ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ስለዚህ ምንም የማይሰማው ሰው ወረቀት ላይ «ሲስት ታይቷል» ሲባል በእርግጠኝነት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሲስቱ የዲስፓር ሊሆን ይችላል፣ በብዙ ቦታም የሚያመዝነው እሱ ነው። ለይቶ የሚናገረው የተውሳኩን ፕሮቲን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ወይም ዲኤንኤውን የሚፈልገው ፒሲአር ነው። ዲስፓር ከሆነ መድኃኒት አያስፈልግም። ሂስቶሊቲካ ከሆነ ግን ባይሰማውም ይታከማል፤ ነገ ሊወርረው ይችላልና፣ ዛሬም ለሌላው እያስተላለፈ ነውና። ሆዱን ሌላ ነገር አሞት በሲስት ውጤት ብቻ መድኃኒት ደጋግሞ የሚውጥ ሰው የሆዱ ሕመም እውነተኛ ምክንያት ሳይፈለግ ይቀራል። በእኔ አመለካከት ከዚህ ምርመራ የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው።

ግድግዳው እንዴት ይወረራል?

የትልቁ አንጀት ውስጠኛ ገጽ በዝልግልግ ንፍጥ ተሸፍኗል። ይህ ንፍጥ በስኳር የተሞሉ ፕሮቲኖች አሉት። ከስኳሮቹ መካከል ጋላክቶስ አለ። አሜባው ደግሞ በአካሉ ላይ ጋላክቶስን የሚይዝ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን ይዟል። ከንፍጡ ጋር ይጣበቃል። ንፍጡ ደህና እስከሆነ ድረስ እዚያው ተይዞ ይኖራል፣ ከሥር ያሉትን ሴሎች አይነካም። ብዙ ሰው የማይታመመው በከፊል ለዚህ ነው።

አሜባው ግን ሲስቲን ፕሮቲየዝ የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። እነዚህ ንፍጡን ይበጣጥሱታል። ንፍጡ ሲሳሳ አሜባው ከሥር ያለውን ሴል ያገኛል። በዚሁ ሌክቲን ይይዘዋል፣ ምክንያቱም የሴሉም ገጽ ያንኑ ስኳር አለው። መግደል የሚጀምረው ከነካ ብቻ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነጻ ጋላክቶስ ሲጨመር የአሜባው ሌክቲን በዚያ ይያዝና ሴሎቹን መያዝ ያቅተዋል። ጎን ለጎን ሆነው እንኳ አይገድላቸውም።

አገዳደሉ ለረጅም ጊዜ የተገለጸው «ይገድላል፣ ከዚያ ይውጣል» ተብሎ ነበር። በ2014 የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አሜባው ሕይወት ያለውን ሴል ቁራጭ በቁራጭ ይገምጠዋል። ሴሉ የተወሰነ ንክሻ ይችላል። ከዚያ ሽፋኑ ይበሳሳና ይሞታል። ሴሉ ሲሞት አሜባው መብላቱን ትቶ ወደ ሌላ ሕያው ሴል ይሄዳል። ይህን ሳነብ ቁስሉ ለምን በስፋት እንደሚዛመት ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ለመጥገብ የሚበላ ቢሆን ኖሮ የገደለውን ጨርሶ ነበር ወደ ሌላው የሚሄደው።

ከላይኛው ሽፋን በታች ያለው የግድግዳ ክፍል ልል ነው፣ እዚያ አሜባው ወደ ጎን ይስፋፋል። ስለዚህ ቁስሉ ላይኛው አፉ ጠባብ፣ ከሥር ግን ሰፊ ይሆናል፣ አንገቷ የቀጠነ ጠርሙስ ይመስላል። ከላይ የሚታየው ትንሽ ቀዳዳ ነው፣ ከሥር የጠፋው ሥጋ ግን ብዙ ነው። ቁስሉ በብዛት የሚገኘው ትልቁ አንጀት በሚጀምርበት በቀኝ በኩል ነው። ይህን «በቀኝ በኩል» የሚለውን ያዙልኝ፣ ከጉበቱ ጋር ይገናኛል።

በዚህ ደረጃ ሰውየው ደም የቀላቀለ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ሊኖረው ይችላል። አመጣጡ ቀስ ያለ ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት እየባሰ ይሄዳል። ከባክቴሪያ ተቅማጥ በተለየ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ የለም። ወይም ደግሞ ቁስሉ ትንሽ ሆኖ ምንም ላይሰማው ይችላል። አሜባው በዝምታ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ማንም አያውቅም።

ከአንጀት ወደ ጉበት

ከአንጀት የሚመለስ ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በፖርታል ደም ሥር በኩል መጀመሪያ ጉበት ይገባል። በቁስሉ ሥር ያለችን ትንሽ ደም ሥር ሰብሮ የገባ አሜባ ያለ ምንም ማዞሪያ ጉበት ይደርሳል ማለት ነው። የትልቁ አንጀት የቀኝ ክፍል ደም ደግሞ በአብዛኛው የሚፈሰው ወደ ጉበቱ ቀኝ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በመጠንም ትልቁ ነው። የአሜባ መግል ከአምስት ታማሚ በአራቱ በቀኝ በኩል የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜም ቁጥሩ አንድ ነው።

ጉበት ውስጥ የሚሆነው ነገር አሳዛኝ ነው። ነጭ የደም ሴሎች አሜባውን ለመውጋት ይሰበሰባሉ። አሜባው ይገድላቸዋል። ሲፈነዱ በውስጣቸው ያከማቹት ኢንዛይም ይፈስሳል። ይህ ኢንዛይም አሜባው ያልነካቸውን የጉበት ሴሎች ሳይቀር ይገድላል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጥቂት አሜባዎች ባሉበት ሰፊ የጉበት ሥጋ ሞቶ የሚገኘው በዚህ ነው። ትንንሾቹ የሞት ቦታዎች ይገናኙና አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ይሆናሉ።

መግል እንለዋለን እንጂ በትክክል መግል አይደለም። የሟሟ የጉበት ሥጋ ነው። ወፍራም፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ነው። ባክቴሪያ አይገኝበትም። የሚገርመው አሜባም በቀላሉ አይገኝበትም። አሜባዎቹ ያሉት ዳር ላይ፣ የሞተውና ሕያው ጉበት በሚዋሰኑበት ጠርዝ ነው፤ መሐሉን ጨርሰውታል። በመርፌ ሲቀዳ መጀመሪያ የሚወጣው ፈሳሽ ሳይሆን የመጨረሻው፣ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው ጠብታ ነው አሜባ ሊያሳይ የሚችለው።

አንድ ታማሚ

ሐኪሞች የሚያውቁትን የተለመደ ዓይነት ታማሚ እንውሰድ። የ34 ዓመት ወንድ ነው። ጉልማሳ ወንዶች በዚህ በሽታ ከሴቶች እስከ 10 እጥፍ ይያዛሉ። ሁለት ሳምንት ትኩሳት አለው፣ ሌሊት ያልበዋል። ከጎድን አጥንቱ በታች በቀኝ በኩል ይከብደዋል። በጥልቀት ሲተነፍስ ይወጋዋል። ሕመሙ አንዳንዴ ቀኝ ትከሻው ላይ ይሰማዋል፣ ምክንያቱም ያበጠው ጉበት ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ይነካል፣ የድያፍራም ነርቭ ደግሞ ከአንገት የሚመጣ ነው። ደረቅ ሳልም አለው። ተቅማጥ የለውም። ከሦስት ወር በፊት ለጥቂት ቀን ሆዱን አሞት ነበር፣ ረስቶታል።

ሰገራው ሁለት ጊዜ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘም። ሳሉንና ትኩሳቱን አይተው ለሳንባ ምች አከሙት። አልተሻለውም።

ወደ መፍትሔው የሚያደርሰው ቀላል ነገር ነው። ሐኪሙ በቀኝ ጎኑ፣ በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል በጣቱ ጫን ሲለው ሰውየው ይጮኻል። ዓይኑ ቢጫ አይደለም። ነጭ የደም ሴሉ ከፍ ብሏል፣ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ዓይነት ግን አልጨመረም፤ ተውሳክ ሁሉ ኢዮሲኖፊል ይጨምራል የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም። አልትራሳውንዱ በጉበቱ ቀኝ ክፍል፣ ከሽፋኑ አጠገብ፣ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ጎድጓዳ አሳየ። ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን የሚፈልገው የደም አንቲቦዲ ምርመራም ሂስቶሊቲካን የሚያሳይ ሆነ።

አንቲቦዲው ጉበታቸው መግል ከያዘ ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ይገኛል። ሁለት ገደብ ግን አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ላይታይ ይችላል፣ ያኔ ከሳምንት በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ከዳነም በኋላ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። በሽታው በብዛት ባለበት ቦታ አንቲቦዲ መገኘቱ ብቻውን የዛሬን ሕመም አያረጋግጥም፣ ከአልትራሳውንዱ ጋር ነው የሚነበበው።

መለየት ያለበት ሌላው ነገር በባክቴሪያ የሚመጣ የጉበት መግል ነው። ያኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ስኳር ወይም የሐሞት ጠጠር ያለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ዓይን ቢጫ መሆንም ከዚያ ጋር ይበልጥ ይታያል፣ ጎድጓዳዎቹም ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕክምናው የተለየ ስለሆነ ጥርጣሬ ካለ በመርፌ መቅዳት ተገቢ ነው።

ለእኛ ታማሚ የታዘዘለት ሜትሮኒዳዞል ነው፣ 750 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ይህ የተለመደ ነው። በአራትና አምስት ቀን ካልተሻለው፣ ጎድጓዳው በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም በግራ ክፍል ካለ ፈሳሹን መቅዳት ይታሰባል። የግራው ክፍል ለልብ ሽፋን ቅርብ ነው፣ እዚያ ከፈነዳ እጅግ አደገኛ ነው። የቀኙ ወደ ሳንባ ሽፋን ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈነዳ ይችላል። ታማሚው ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፣ ሆዱ ከደረቀ ወይም ቡናማ አክታ ካሳለ ሰዓት አይሰጥም።

ሰውየው ድኗል ብሎ መድኃኒቱን በዚያ የሚያቆም ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መልኮች ተመልሰው የሚመጡት። ሜትሮኒዳዞል ከአንጀት በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበቱን ያዳነውም ለዚሁ ነው። ግን በዚያው ምክንያት አንጀቱ ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ሲስትንም አይገድልም። ትልቁ አንጀት ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያልታዩ ጥቂት አሜባዎች ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ይከተላል፤ ወደ ደም የማይገባ፣ አንጀት ውስጥ ቀርቶ የሚሠራ። ፓሮሞማይሲን ለ7 ቀን፣ ወይም ዲሎክሳናይድ ፉሮየት 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን። ይህ ሁለተኛው ዙር ከተዘለለ ከወራት በኋላ መግሉ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያም ሰውየው ሲስት እያወጣ ይኖራል።

ከሕክምና በኋላ አልትራሳውንድ ላይ የሚታየው ጎድጓዳ ቶሎ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ትኩሳቱ የጠፋ፣ የምግብ ፍላጎቱ የተመለሰ፣ ክብደቱ የጨመረ ሰው በሁለተኛው ወር 5 ሴንቲ ሜትር ጎድጓዳ ታየበት ተብሎ እንደገና መድኃኒት መጀመር የለበትም። መዳኑ የሚለካው በታማሚው ሁኔታ ነው። ሰገራው ግን ከሁለተኛው መድኃኒት በኋላ መታየት አለበት፣ አብረውት የሚኖሩት ሰዎችም እንዲሁ፣ ሲስቱን ከመካከላቸው አንዱ ተሸክሞት ሊሆን ይችላልና።